አሉሚኒየም እንዴት ይነድዳል? የግሬንፌል እሳት፣ የወንድሜ ሕንጻና አንድ የናሙና ቁራጭ

እህተ_ላድብሮክ (ጥያቄውን ያነሣችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን፣ ሰሜን ኬንሲንግተን ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት ባለ 24 ፎቁ የግሬንፌል መኖሪያ ሕንጻ ሲቃጠል በመስኮቴ በኩል አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት ብዙ አላወራም፤ አሁን ግን የግድ የሚያናግረኝ ነገር መጣ።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጂ ፕላስ 8 ሕንጻ እያስገነባ ነው። የብሎኬቱ ሥራ አልቋል፤ አሁን ፊቱን አሉኮቦንድ ሊያለብሱት ነው። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ደውሎ ናሙናውን አሳየኝ። መዳፍ የሚያህል፣ ብርማ፣ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ነው። በጎኑ ሲያዞረው በሁለት ስስ ቆርቆሮዎች መካከል ጥቁር ነገር ተጋድሞ አየሁ። ያን ጥቁር መስመር ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። «ይህ ነገር ይነድዳል» አልኩት። እሱ ግን «እትዬ፣ ይህ እኮ አሉሚኒየም ነው። በድስት የምንቀቅልበት አሉሚኒየም እንዴት አድርጎ ይነድዳል?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እሳቱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለምን እንደወጣ ግን ለሰው ማስረዳት አልችልም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ለወንድሜ ላነብለት በምችለው ቋንቋ ንገሩኝ።

---

ባለ_ሦስት_ፎቅ

እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው፤ በከንቱ አታስጨንቂው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ የቤት እሳት በቀላሉ አያነድደውም። ግሬንፌልን ያቃጠለው ከቆርቆሮው ጀርባ የተለጠፈው ፎም ነው። እንግሊዞች ብርድ ስላለባቸው ግድግዳቸውን በወፍራም ፎም ይሸፍናሉ። አዲስ አበባ ያን የሚያህል ብርድ የለም፤ ፎምም አንለጥፍም። ብሎኬት፣ ልስን፣ ከዚያ የብረት ፍሬም፣ ከዚያ አሉኮቦንድ፤ በቃ። ፎም ከሌለ የሚነድድ ነገር የለም።

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ከላይ የተጻፈው ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እኔ እንግሊዝ አገር ላለፉት ሰባት ዓመታት የምሠራው የሕንጻ ውጫዊ ልባስ እየፈታሁ መመርመርና ማስነሣት ነው። ስለዚህ በእጄ ከነካሁት ልጀምር።

ወንድምሽ የያዘው ቁራጭ አሉሚኒየም አይደለም። በሁለት አሉሚኒየም መካከል የተቀመጠ ፕላስቲክ ነው። ግሬንፌል ላይ የነበረው ሰሌዳ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው። ከዚህ ውስጥ አሉሚኒየሙ በፊት ግማሽ ሚሊሜትር፣ በጀርባ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀሪው 3 ሚሊሜትር ፖሊኤትሊን ነው፤ ፌስታልና ቢጫ ጀሪካን የሚሠሩበት ያው ቁስ ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ ውስጥ 2.8 ኪሎ የሚጠጋ ፖሊኤትሊን አለ። ፖሊኤትሊን ደግሞ ከነዳጅ የተሠራ ስለሆነ ሲቃጠል በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን አያንስም። ብታሰሉት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ልባስ 3 ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን እንደ መሸከም ነው። የአንድ ጂ ፕላስ 8 ሕንጻ ፊት ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ወንድምሽ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ያባዛው።

አሉሚኒየሙ ታዲያ ምን ያደርጋል? ለጥቂት ደቂቃ ይሸፍናል። ፖሊኤትሊን ግን 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። እሳት ሰሌዳውን ከውጭ ሲልሰው ከቆርቆሮው በፊት ውስጡ ይፈስሳል፤ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ይላቀቃሉ፤ የቀለጠው ፕላስቲክ በጠርዙ በኩል እየነደደ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ አሉሚኒየሙም ራሱ 660 ይደርስበትና ይቀዳደዳል፤ ያልተነካው ፕላስቲክ በሙሉ ለእሳቱ ይገለጣል።

ስለ ፎሙ፦ ግሬንፌል ላይ ፎም ነበረ፣ ነድዷልም። ነገር ግን ከእሳቱ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የብሪታንያ መንግሥት የተለያዩ ሰሌዳዎችንና ከጀርባቸው የሚለጠፉ ሙሊቶችን እያጣመረ በትልቅ የሙከራ ግድግዳ ላይ አስፈተነ። የፖሊኤትሊኑን ሰሌዳ ከፎም ጋር ፈተኑት፤ ወደቀ። ከዚያ ፎሙን አውጥተው በማይነድድ የድንጋይ ሱፍ ተኩትና ያንኑ ሰሌዳ እንደገና ፈተኑት። እሱም ወደቀ። ሁለቱም 10 ደቂቃ እንኳ አልሞላቸውም። ስለዚህ «ፎም ከሌለ የሚነድድ የለም» የሚለው አይሠራም። ሰሌዳው ብቻውን ይበቃል።

---

ባለ_ሦስት_ፎቅ

የድንጋይ ሱፉን ሙከራ አላውቅም ነበር። እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን ፕላስቲኩ ቢነድድስ፣ ሰሌዳው ባለበት ተቃጥሎ አይቀርም? እንዴት ነው 20 ፎቅ የሚወጣው?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ልባስ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም፤ ዝናብ እንዲወርድ፣ እርጥበት እንዲደርቅ ተብሎ በመካከል ክፍተት ይተዋል። ግሬንፌል ላይ ክፍተቱ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ይሆን ነበር። ከምድር እስከ ጣሪያ የቆመ ጠባብ ጉድጓድ አስቡ። እሳት እዚያ ሲገባ እንደ ጭስ ማውጫ ይሳባል። ገላጣ ቦታ ላይ ነበልባል ከየአቅጣጫው አየር ስለሚያገኝ አጭር ሆኖ ይነድዳል። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ግን አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ቁመቱ ከወትሮው አምስት እስከ አሥር እጥፍ ሊረዝም ይችላል። ይህ ማለት አንድ ፎቅ ላይ የተነሣ ነበልባል ገና ያልነደደውን የላይኛውን ሰሌዳ አስቀድሞ እያሞቀ፣ እያቀለጠ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ አንዱ ወገን ሰሌዳ፣ ሌላው ወገን ፎም ከሆነ ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው አንዱ ሌላውን ያግላል።

የግሬንፌልን ሌሊት በሰዓት ላስቀምጠው፤ በእኛ አቆጣጠር። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የተደረገው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ነው፦ 4ኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ፍሪጅ አካባቢ እሳት ተነሥቷል። 7 ሰዓት ከ10 ገደማ እሳቱ ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጥቶ ልባሱን ይዟል። 7 ሰዓት ከ27 ላይ ጣሪያው ጋ ደርሷል። ከ4ኛ ፎቅ እስከ 24 ፎቅ ሕንጻ ጫፍ 20 ደቂቃ አልፈጀበትም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብተው ውኃ ሲረጩ እሳቱ ቀድሟቸው በውጭ እየወጣ ነበር።

---

የቤት_እመቤት_ሐዋሳ

እኔ የገረመኝ የፍሪጁ ነገር ነው። የእኛ ፍሪጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታ ይጮኻል፤ ከጀርባው በጣም ይሞቃል። ልቀይረው ወይስ ባለሙያ ይየው? ሌሊት ሌሊት ነቅዬ ብተኛስ?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

እናቴ፣ ከግድግዳው ትንሽ ያርቁት፣ የጀርባውን አቧራ ያስጠርጉ፤ ሶኬቱ ወይም ገመዱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ግን ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ነገር ግን የዚህ ውይይት ጉዳይ ፍሪጁ አይደለም። ፍሪጅ በየከተማው ይቃጠላል፤ ወጥ ቤት ተቃጥሎ እዚያው ይቀራል። ግሬንፌል ላይ ጥያቄው አንድ የወጥ ቤት እሳት 72 ሰው እስኪገድል ድረስ እንዴት ከክፍሉ ወጣ የሚለው ነው።

---

እህተ_ላድብሮክ

ስለዚያ ቤት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እሳቱ የተነሣበት ቤት ነዋሪ የእኛው ሰው ነበር፤ ተወልዶ ያደገው ኢትዮጵያ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ነቅቶ ወዲያው ደወለ፣ ጎረቤቶቹን በር እያንኳኳ አስወጣ። ያም ሆኖ በጋዜጣና በኢንተርኔት ስንት ነገር ተባለበት። መርማሪ ኮሚሽኑ በጥቅምት 2012 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ እሱ ላይ ምንም ጥፋት እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ሐሜቱን የሰሙ ሁሉ ይህንንም ይስሙ። ከሞቱትም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። አንዳንዶቹን በዓይን አውቃቸው ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እሳቱ ከወጥ ቤት ወደ ውጭ የወጣው መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር ነው?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ስለ ነዋሪው የጻፍሽውም መጻፍ ነበረበት።

መስኮቱን በሚመለከት ኮሚሽኑ ያመዘነው ሌላ ነገር ነው። ሕንጻው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሲሠራ ባዶ ኮንክሪት ነበር። ፊቱ ኮንክሪት በሆነ ጊዜ እሳት በውጭ የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም። እድሳቱ በ2008 ሲጠናቀቅ ልባሱ ተጨመረ፤ መስኮቶቹም ከኮንክሪቱ መስመር ወደ ውጭ ተገፍተው ከአዲሱ ልባስ ጋር እኩል ተደረጉ። በአሮጌው ኮንክሪትና በአዲሱ መስኮት መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ የሸፈኑት በጎማ ሉህ፣ በፎም እና በፕላስቲክ ክፈፍ ነው። ፕላስቲኩ ክፈፍ የወጥ ቤቱ ሙቀት ሲነካው ለስልሶ ተጣመመ፣ ወደቀም። ከጀርባው ያለው ደግሞ በቀጥታ የልባሱ ክፍተት ነው። እሳቱ መስታወት መስበር አላስፈለገውም፤ በመስኮቱ ጎን በኩል ገባ።

ያው ድክመት በየፎቁ፣ በየመስኮቱ ስለነበረ እሳቱ በውጭ እየወጣ ሳለ በዚያው በመስኮት ጎን በኩል ተመልሶ ወደየቤቱ ገባ። እኔ ሕንጻ ስመረምር ከሁሉ አስቀድሜ የማስፈታው የመስኮት ጠርዝ ነው።

---

ስቱኮ_ለቡ

እኔ አዲስ አበባ አሉኮቦንድ የምገጥም ባለሙያ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ውጭ አገሩ አላውቅም፤ እጄ ስለሚያውቀው ልናገር።

ሰሌዳውን ስናጥፍ ከጀርባው በማሽን ቦይ እናወጣለን፤ የጀርባው ቆርቆሮና ፕላስቲኩ ይቆረጣል፣ የፊቱ ቆርቆሮ ብቻ ይቀራል። ከዚያ እንደ ካርቶን አጥፈን እንደ ትሪ እናደርገዋለን። ቦዩ ሲወጣ የሚረግፈው ጥቁር ፍቅፋቂ ወለሉን ሁሉ ይሸፍናል። አንድ ጊዜ ረዳቴ በዚያ ፍቅፋቂ አጠገብ ፍሬም ሲበይድ ፍንጣሪ ገባበት። ጢስ ሳይበዛ ነው የነደደው፤ ሽታው የሻማ ሽታ ነው። ውኃ ደፋንበት ጠፋ። ግን እየነደደ የቀለጠው ነገር በሲሚንቶው ላይ እንደ ዘይት ሲፈስስ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ጥያቄ አለኝ። እኛ የምናጥፈው እንደዚያ ነው፤ አንዳንዶች ደግሞ ሰሌዳውን ሳያጥፉ በሪቬት ነው የሚመቱት። ለእሳት ልዩነት አለው?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ወንድሜ፣ ይህ ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያናድደኝን ነገር የነካ ጥያቄ ነው።

ልዩነት አለው፤ ትልቅ ልዩነት። ግሬንፌል ላይ የነበረው ሬይኖቦንድ 55 ፒኢ የሚባለው ሰሌዳ ልክ እናንተ እንደምትሠሩት በትሪ መልክ የታጠፈ ነበር። አምራቹ አርኮኒክ ሰሌዳውን በሁለቱም ዓይነት አስፈትኖት ነበር፤ እሳቱ ከመድረሱ ከ12 ዓመት በላይ አስቀድሞ። የታጠፈው በሪቬት ከተመታው በእጅጉ የከፋ ውጤት አመጣ። ነገር ግን ለእንግሊዝ ገበያ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ሁለቱን ሳይለይ እንደ አንድ ዕቃ አቀረባቸው። ኮሚሽኑ በነሐሴ 2016 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ኩባንያው የአደጋውን መጠን ሆን ብሎ ከገበያው ደብቋል ብሏል።

ይህ ማለት ግን በሪቬት ብትመታው ደኅና ነው ማለት አይደለም። ፖሊኤትሊን እንዴትም ቢታሰር ፖሊኤትሊን ነው።

---

ዱባይ_ነበርኩ

እኔ ለሰባት ዓመት ዱባይ የሰው ቤት እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ያለንበት ፎቅ ተቃጠለ። ያኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይህን ሳነብ ገባኝ።

የነበርነው 11ኛ ፎቅ ላይ ነው። ማዳሜ አልነበረችም፤ ሁለቱን ልጆች ይዤ ተኝቼ ነበር። የነቃሁት በጭስ አይደለም፤ በድምፅ ነው። ውጭ ዝናብ የሚዘንብ መሰለኝ። በረንዳው ላይ ብቅ ስል ከላይ እሳት ይዘንባል። እየነደደ የሚንጠባጠብ ነገር፣ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ አንዱ የታችኛው ሰው በረንዳ ላይ ወድቆ የተሰጣውን ልብስ አያያዘው። እሳቱ ከእኛ በላይ ነበር፤ ግን ከበታችም መጣ። ትንሹን አዝዬ ትልቁን በእጄ ይዤ በደረጃ ወረድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ሌሊት የሞተ ሰው አልነበረም።

እሳት ወደ ላይ ነው የሚሄደው እላለሁ። ወደ ታች እንዴት ወረደ?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ፤ ልጆቹንም አተረፍሽ። ያየሽው ዝናብ የቀለጠው ፖሊኤትሊን ነው። እየነደደ ይወርድና የታችኛው በረንዳ ላይ፣ የታችኛው ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ እዚያ አዲስ እሳት ይጀምራል፤ እሱም በተራው ወደ ላይ ይወጣል።

ግሬንፌልም ላይ እንዲህ ሆነ። ሕንጻው ጣሪያ ዙሪያውን ከዚያው ሰሌዳ የተሠራ ጌጥ ነበረው፤ እንደ አክሊል ያለ። እሳቱ ጣሪያ ሲደርስ በዚያ አክሊል ዙሪያ በግራም በቀኝም ተጓዘ። ከእያንዳንዱ ማዕዘን ደግሞ የሚነድደው ፕላስቲክ ወደ ታች እየፈሰሰ ሌሎቹን ፊቶች አያያዘ። በአንድ ጎን ብቻ የወጣ እሳት አራቱንም ጎን የከበበው በዚህ ነው። ለውበት ብቻ ተብሎ የተጨመረ ነገር ነበር።

---

ሻለቃ_ጡረተኛ

ይህ ሁሉ የሚሆነው የውኃ መርጫ ስለሌለ ነው። በየጣሪያው አውቶማቲክ መርጫ ይገጠም፤ ስለ ቆርቆሮው የሚጨነቅ ሰው አይኖርም። ግሬንፌል መርጫ ነበረው?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

አልነበረውም፣ ሻለቃ። ያሉት ነገር ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ሜልቦርን ከተማ ላክሮስ የሚባል ሕንጻ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ተቃጥሎ ነበር። 8ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በደንብ ያልጠፋ ሲጋራ ነው የጀመረው፤ ልባሱ ያው ፖሊኤትሊን ያለበት ሰሌዳ ነበር። 11 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 21ኛው ፎቅ ደረሰ። ውስጥ የነበረው መርጫ በብዙ ቤቶች ተከፍቶ እሳቱ ወደ ክፍሎቹ ጠልቆ እንዳይገባ ያዘው፤ አንድም ሰው አልሞተም።

ስለዚህ መርጫው ሰዎቹን አዳነ፤ የውጩን እሳት ግን አላቆመውም፣ ሊያቆመውም አይችልም፤ ውኃው የሚረጨው ከውስጥ ነው። ደግሞም መርጫ የሚታሰበው በአንድ ጊዜ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ እንዲከፈት ነው። በአሥራ ሦስት ፎቅ በአንድ ጊዜ ሲከፈት የውኃው ግፊት ይበቃል ብሎ መተማመን ከባድ ነው። የውኃ ነገር በሚያስቸግርበት ከተማ ደግሞ ይበልጥ።

---

ሻለቃ_ጡረተኛ

ግፊቱን በሚመለከት ትክክል ነህ። ቢሆንም እኔ ሁለቱም ይሁን ባይ ነኝ። ነባሩን ሕንጻ ሁሉ ልባሱን ገፍፎ መጨረስ በአንድ ትውልድ አይቻልም፤ መርጫ መግጠም ግን ይቻላል።

---

እህተ_ላድብሮክ

ለወንድሜ እስካሁን ያለውን በሙሉ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እሺ፣ አሻሻጩ እሳት የሚቋቋም ዓይነትም አለኝ ብሎናል፤ በካሬ ዋጋው ከፍ ይላል። እሱን ብንገዛ ያልቃል?» አለኝ።

---

ባለ_ሦስት_ፎቅ

አዎ፣ ኤፍአር የተጻፈበትን ይግዛ። እሱ አይነድድም። ጉዳዩ ይዘጋል።

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ይነድዳል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ሦስት ዓይነት እንዳለ አስቡ። አንደኛው፣ ፒኢ የሚባለው፣ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ፖሊኤትሊን ነው። ሁለተኛው፣ ኤፍአር የሚባለው፣ ሰባ በመቶ ያህሉ የማዕድን ዱቄት ሆኖ የቀረው ፕላስቲክ ነው። ሦስተኛው፣ ኤ2 የሚባለው፣ ዘጠና በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ፕላስቲኩ ማያያዣ ያህል ብቻ ነው።

ቅድም በጠቀስኩት የመንግሥት ሙከራ ኤፍአሩ ከድንጋይ ሱፍ ጋር ሲሆን አለፈ፤ ከፎም ጋር ሲሆን ወደቀ። ስለዚህ ኤፍአር በራሱ መልስ አይሆንም፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ይወስነዋል። ኤ2 ከፎም ጋርም ቢሆን አልፏል። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ ከ18 ሜትር በላይ ለሆኑ መኖሪያ ሕንጻዎች ከኤ2 በታች የሆነውን ከልክላለች። ጂ ፕላስ 8 ከ18 ሜትር በላይ ነው።

የወንድምሽ ግድግዳ ከጀርባው ፎም ከሌለውና ብሎኬቱ በደንብ ከተለሰነ ኤፍአር ከፒኢው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ብዙ ይሻላል። እኔ ግን የወንድሜ ቢሆን ኤ2 አስገዛው ነበር። በየፎቁ ደግሞ ክፍተቱን የሚዘጋ የእሳት ማገጃ ይግባ። ማገጃውም በቢላዋ ተቆርጦ እንደነገሩ የሚሰካ መሆን የለበትም። ግሬንፌል ላይ ማገጃ ነበረ፤ ግን አንዳንዱ ተገልብጦ፣ አንዳንዱ አጥሮ፣ ሊቆም የሚገባው ተጋድሞ ነበር የተገኘው። እኔም ከፈታኋቸው ሕንጻዎች በአንዱ በማገጃውና በሰሌዳው መካከል አራት ጣቴን አግጥሜ አስገብቻለሁ። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም እንከን የለውም፤ ሰሌዳው ከተገጠመ በኋላ የሚያየው የለም።

---

ስቱኮ_ለቡ

አንድ የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ኤፍአር ይላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የሚላጠው ላስቲክ ላይ ፊደል ማተም ከባድ አይደለም። በቀለሙ እንለያለን የሚሉ አሉ፤ ጥቁር ከሆነ ፒኢ፣ ነጣ ካለ ኤፍአር ይላሉ። እኔ ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ የነደደ አይቻለሁ። እንዴት ይለያል?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ቀለም ምንም አያሳይም፤ ትክክል ነህ። መጀመሪያ በሚዛን ይታያል። የማዕድን ዱቄት ከፕላስቲክ ይከብዳል። 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር አሉሚኒየም ያለው ፒኢ በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎ ይመዝናል። ኤፍአርና ኤ2 ግን ወደ 7.6 ኪሎ ይጠጋሉ። ስለዚህ 20 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ አስቆርጡና የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 550 ግራም ገደማ ከሆነ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፤ 760 ገደማ ከሆነ ማዕድን አለበት።

---

ስቱኮ_ለቡ

እኛ ጋ የሚመጣው ብዙው ቆርቆሮው ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ባለ 0.2 አለ፣ ባለ 0.3 አለ። ሚዛኑ አይሳሳትም?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ይሳሳታል፤ ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ። የቆርቆሮውን ውፍረት በካሊፐር አስቀድማችሁ ለኩ። ጠቅላላው 4 ሚሊሜትር ሆኖ ቆርቆሮው 0.2 ከሆነ ፕላስቲኩ 3 ሳይሆን 3.6 ሚሊሜትር ሆኗል ማለት ነው። ያ ቁራጭ 440 ግራም ገደማ ይመዝናል። ርካሹ ሰሌዳ ከግሬንፌሉ የበለጠ ፕላስቲክና ያነሰ አሉሚኒየም አለበት። ይህን እኔም እስካሁን በእናንተ ገበያ አላሰብኩትም ነበር።

ከሚዛኑ በኋላ ሜዳ ላይ፣ ውኃ አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በላይተር ለኩሱት። ፒኢው ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ላይተሩን ብታነሡትም መንደዱን ይቀጥላል፤ አንተ ያሸተትከው የሻማ ሽታ ይሸታል። ማዕድን ያለበት በቀላሉ አይያዝም። ነገር ግን በሚዛንም በላይተርም ኤፍአርን ከኤ2 መለየት አይቻልም። ለእሱ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ የውስጡን ቁስ ፍቆ አቃጥሎ ስንት በመቶው አመድ ሆኖ እንደቀረ የሚለካ።

---

ባለ_ሦስት_ፎቅ

እኔን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። እንግሊዝ የሚያህል አገር፣ ያን ሁሉ መሐንዲስና ሕግ ይዞ፣ ይህን ሰሌዳ እንዴት ሰው የሚተኛበት ሕንጻ ላይ ለጠፈው? ገንዘብ ነው?

---

ግድግዳ_ፈታሽ

ገንዘብ አለበት። መጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስ ነበር፤ ወደዚህ ሰሌዳ ሲቀየር 293,000 ፓውንድ የሚጠጋ ቁጠባ ተመዝግቧል። ግን እኔ በገንዘብ ብቻ አልተረጉመውም። ሥዕሉን የሣለው፣ የገጠመው፣ የተቆጣጠረው፣ ሁሉም ሌላው ያረጋግጣል ብሎ አልፏል። ደንቡም ራሱ የሰሌዳውን ፊት፣ ማለትም አሉሚኒየሙን፣ የሚፈትን ደረጃ ይቀበል ነበር፤ አሉሚኒየም ደግሞ ፊቱ ላይ እሳት አይዘልቅበትም። ወንድሟ «አሉሚኒየም እኮ ነው» ያለው የእንግሊዝ ደንብ ለዓመታት ያለውን ነው።

---

እህተ_ላድብሮክ

ሌላ የምጠይቀው አለኝ። ያን ሌሊት ሰዎቹ ስልክ ሲደውሉ «በቤታችሁ ቆዩ» ነበር የተባሉት። ምክሩ የተሻረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። ብቸኛው ደረጃ በጭስ ሞልቶ ነበር። እኔም የምኖርበት ሕንጻ በር ላይ ያው ጽሑፍ ተለጥፏል፦ እሳት ቢነሣ በቤታችሁ ቆዩ። ልታዘዝ ወይስ ልውጣ?

---

ሻለቃ_ጡረተኛ

ውጪ። ምን ይጠየቃል።

---

ግድግዳ_ፈታሽ

እኔ እንደ ሻለቃ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። ያ ምክር የተመሠረተው እሳት በተነሣበት ክፍል ውስጥ ይቀራል በሚል ነው። ኮንክሪት ሕንጻ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ ከወጣ ጭስ ውስጥ ይገባል፣ ለሚወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም መንገድ ይዘጋል። ልባሱ የሚነድድ ከሆነ ግን የምክሩ መሠረት ይፈርሳል። ኮሚሽኑም ምክሩ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ መሻር ነበረበት ብሏል። የሕንጻሽን አስተዳዳሪ የውጭ ግድግዳው ተመርምሮ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂው። መልሱን ሳታገኚ እኔ ቆዪም ውጪም ብል ልክ አይሆንም።

---

ዱባይ_ነበርኩ

እኔ ያን ሌሊት በስልክ ማንንም አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ቆዪ ይሉኝ ነበር መሰለኝ። እስከ ዛሬ የማስበው እሱን ነው።

---

እህተ_ላድብሮክ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስንበትን ልንገራችሁ። ወንድሜ ትናንት ከአሻሻጩ 20 በ50 ቁራጭ አስቆርጦ ወሰደ፤ ኤፍአር የተባለውን። ቆርቆሮው በካሊፐር 0.3 ሆነ። ሚዛኑ 480 ግራም አለ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ባልዲ ውኃ አስቀምጦ ጠርዙን በላይተር ለኮሰውና በቪዲዮ ላከልኝ። መጀመሪያ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ታየ፣ ከዚያ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ እየነደዱ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ላይተሩን ካነሣ በኋላም ቁጭ ብሎ እያየው ነደደ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቪዲዮው ላይ የሚሰማው የጠብታዎቹ ድምፅ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደውሎ ትእዛዙን እንዳቆሙ ነገረኝ። አንዱ ሸሪኩ ግን ቀብዱ ተከፍሏል እያለ አሁንም ይከራከራል። ስቱኮ ለቡ፣ ኤ2 የሚያስመጣ ሰው የምታውቅ ከሆነ እባክህ ጻፍልኝ፤ ሸሪኩንም የሚያናግረው አንተን የመሰለ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል።

---

ስቱኮ_ለቡ

480 ከሆነ ባለ 0.3 ፒኢ ነው፤ ኤፍአር አይደለም። እሑድ ሥራ የለኝም። የሕንጻውን ቦታ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ካሊፐሬንና ላይተሬን ይዤ ሸሪኩ ባለበት አሳየዋለሁ።